ማስተካከያ፦ የሰኔ ወር የጥሬ ቡና ወጪ

«በቡናው ላይ ከበጀቱ የበለጠው 61,800 ብር ሙሉ በሙሉ የገበያ ዋጋ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ቀደም ሲል በደረስዎ ማስታወሻ ላይ «ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደሚከተለው ይስተካከል።

1,000 ኪሎ የተቆላ ቡና ለማውጣት የተያዘው 1,200 ኪሎ ጥሬ ቡና በ400 ብር ነበር፤ 480,000 ብር። የገባው ግን 1,260 ኪሎ በ430 ብር ነው፤ 541,800 ብር።

በኪሎ የጨመረው 30 ብር በ1,260 ሲባዛ 37,800 ብር ይሆናል። የዋጋው ልዩነት ይሄ ነው፤ የጅማ ገበያ ያመጣው ነው። ቀሪው 24,000 ብር የመጠን ልዩነት ነው፤ ትርፉ 60 ኪሎ በበጀቱ 400 ብር ሲሰላ። እዚህ ላይ 430 የማንጠቀመው የዋጋው ጭማሪ ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው።

60 ኪሎው የት ገባ? ቆዪዎቹ አቃጠሉት ለማለት አይቸኮል። በጀቱ የተሠራው እርጥበቱ 12 በመቶ በሆነ ቡና ነው። በዝናቡ የገባው ቡና ግን በመለኪያው 16 በመቶ ገደማ አሳይቷል። እርጥበቱ 12 በመቶ በሆነ 1,200 ኪሎ ቡና ውስጥ ያለው ፍሬ፣ በ16 በመቶ እርጥበት 1,257 ኪሎ ይመዝናል። በአጭሩ ውሃ በቡና ዋጋ ገዝተናል። ስለዚህ 24,000ው በሂሳብ አሠራር በመቁያው ስም ቢመዘገብም፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለግዢ ክፍል ነው። የሚቀጥለው ጭነት ከመመዘኑ በፊት እርጥበቱ ይለካ፤ ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ ከክፍያው ይቀነስ።