ክሪያቲንና ፀጉሬ፤ አንድ ጎኑ ሳይስተካከል ከፀጉር ቤት የወጣ ሰው ብሶት

ይህን የምጽፈው የግራ ጎኔ ተስተካክሎ፣ የቀኙ ግን እንደ ነበረ ሆኖ፣ የሹራብ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የምታውቁ ሁሉ፣ በግማሽ ፀጉር እስከ ቤት በእግር መሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳልነግራችሁ ትረዱታላችሁ።

ፀጉር አስተካካያችን ማሽኑን አናቴ ላይ ሲደርስ ድንገት አጠፋው። ከዚያም ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ፣ ያን ዱቄት አሁንም ትጠጣለህ እንዴ?» አለኝ። ክሪያቲኑን፣ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ለጡንቻ ብለው በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን ዱቄት፣ ማለቱ ነው። «አዎን» አልኩት። «እንግዲያውስ ከፀጉርህ ጋር ተሰነባበት፤ ዲኤችቲ የሚባለውን ነገር ከፍ አድርጎ ሥሩን ያደርቀዋል። እዩት እስቲ፣ 27 ዓመት ያልሞላው ልጅ!» ብሎ ወንበሩን ወደ ወረፋው አዞረው። እንደ ገበያ በግ አገላብጠው አዩኝ። አንዱ ተነሥቶ የስልኩን መብራት አናቴ ላይ አበራ። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት ብቻ «ልጄ፣ አባትህስ ፀጉር አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «የላቸውም፤ አጎቶቼም የላቸውም» ብዬ መለስኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የተጠየቀው ብቸኛ ቁም ነገር ይህ ነበር፤ የሳቀበት ሰው እንጂ ያሰበበት ሰው ግን አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዝም ብዬ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣ ነበር። እሱ ግን መሳቢያውን ከፍቶ ምልክት የሌለው የቅባት ጠርሙስ አወጣና «ይህን ማታ ማታ እሸው» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው አንገቴ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈትቼ የተነሣሁት።

እስቲ ከሥሩ ልነሣ። ዲኤችቲ የተባለው ነገር ተረት አይደለም። የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስቴሮን በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ይለወጥና ከእሱ የበረታ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይሆናል፤ ዲኤችቲ የሚባለው እሱ ነው። በዘሩ ለመመለጥ በተዘጋጀ ሰው ግንባርና አናት ላይ ያሉት የፀጉር ሥሮች ለዚህ ሆርሞን ስስ ስለ ሆኑ፣ በየዙሩ የሚያበቅሉት ፀጉር እየቀጠነና እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ለስላሳ ፀጉር ብቻ ይቀራል። የማጅራት ፀጉር ግን ያው ደም እየደረሰው ምንም አይሆንም፤ አባቴ መላጣ ሆነው ማጅራታቸው ዛሬም መቀስ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ፊናስቴራይድ የሚባለው ክኒን የሚሠራውም ይህንኑ ኢንዛይም አግዶ በደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ በሁለት ሦስተኛ ገደማ በመቀነስ ነው። ስለዚህ ዲኤችቲና መላጣነት ዝምድና አላቸው። ጥያቄው ክሪያቲን በዚህ ዝምድና ውስጥ በየት በኩል ገባ የሚለው ነው።

የገባው በአንዲት በር ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተሠርታ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 የታተመች አንዲት ጥናት አለች። 20 ወጣት የራግቢ ተጫዋቾች ለሰባት ቀን በየዕለቱ 25 ግራም፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየዕለቱ 5 ግራም ክሪያቲን ከግሉኮስ ጋር ወሰዱ፤ በሌላ ዙር ደግሞ ግሉኮስ ብቻ ወሰዱ፤ በሁለቱ ዙሮች መካከል የስድስት ሳምንት እረፍት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች በኋላ የደማቸው ዲኤችቲ በ56 በመቶ ከፍ አለ ተባለ። ከተማውን ሁሉ ያሸበረው፣ ጂም ውስጥ የሚወራው፣ ፀጉር አስተካካዩም ከማን እንደ ሰማው ሳያውቅ የሚደግመው ቁጥር ይህ ነው።

56 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ ዕቃውን ከአልጋዬ ሥር ደብቄው ነበር። ነገር ግን መነሻውን ተመልከቱ። በክሪያቲኑ ዙር ተጫዋቾቹ የጀመሩት ከ0.98 ናኖሞል በሊትር ሲሆን የደረሱት 1.53 ላይ ነው። በግሉኮሱ ዙር ደግሞ ገና ምንም ሳይቀምሱ የጀመሩት ከ1.26 ነበር። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ተራ በተራ የሚቀያየሩበት ስለ ነበር በሁለቱም ዙር የተለኩት እነዚያው ተጫዋቾች ናቸው። ምንም ክሪያቲን ሳይነካቸው አንዴ 0.98፣ አንዴ 1.26 የተገኘባቸው ማለት ነው። የክሪያቲኑ ከፍታ የሚለካው ከ0.98 ሳይሆን ከ1.26 ቢሆን ኖሮ 56 በመቶው ወደ 21 በመቶ ገደማ ይወርድ ነበር። በዚያ ላይ በግሉኮሱ ዙር ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ወደ 1.09 ስለ ወረደ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይበልጥ ሰፍቶ ታየ። ከፍ አለ የተባለውም ቢሆን ከጤነኛ ወንድ መጠን አልወጣም፤ ቴስቶስቴሮናቸውም ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደሜን የሚያፈላው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ የአንድም ተጫዋች ፀጉር አልታየም! አልተቆጠረም፣ ፎቶ አልተነሣም፣ «ይነቃቀልብሃል ወይ?» ተብሎ እንኳ አልተጠየቀም። ደም ቀድተው ሆርሞን ለኩ፤ አበቃ። ፀጉር የሌለበትን ጥናት ይዘው የእኔን ፀጉር ቀበሩት። በ2009 የታየውን ከፍታ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያገኘው ሌላ ጥናት የለም፤ ክሪያቲንና ቴስቶስቴሮንን አብረው ከመረመሩት ሌሎች ጥናቶች አብዛኞቹ ምንም ለውጥ አላገኙም።

ፀጉሩን ራሱ ለማየት እስከ 2025 መጠበቅ ግድ ሆነ። 45 ክብደት የሚያነሡ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በየዕለቱ 5 ግራም ክሪያቲን፣ ግማሾቹ 5 ግራም ተራ የስታርች ዱቄት ለ12 ሳምንት ወሰዱ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 38 ነበሩ። በዚህኛው ዲኤችቲም ተለካ፣ የፀጉሩ ብዛትና ውፍረትም በካሜራ እየተነሣ ተለካ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ላለመዋሸት ያህል፣ 12 ሳምንት ለፀጉር አጭር ጊዜ ነው፤ መላጣነት በዓመታት የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ ይህ ጥናት «እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ አትጠራጠር» አይልም። የሚለው፣ 25 ግራም ሳይሆን ሰው በተለምዶ በሚወስደው 5 ግራም፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ የተፈራው ነገር አልታየም ነው። ቅባት ለመሸጥ ግን አይበቃም።

ሥጋውን ደግሞ ለምን ማንም አያነሣውም? ክሪያቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ በሥጋና በዓሣም ውስጥ ያለ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ይዟል፤ ማለትም የእኔ አንዲት ማንኪያ ማለት ነው። ይህ ፀጉር አስተካካይ በቅበላው ዕለት ቁርጡን በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ሲያወርደው ከጎኑ ነበርኩ፤ ያን ቀን ስለ ዲኤችቲ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ደግሞ በተቃራኒው «ሥጋ ውስጥ ያለ ከሆነማ በጾም እንዴት ትወስደዋለህ?» ብላ ዕቃውን ከልክላኝ፣ በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ እንጂ ከከብት የማይወጣ መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁንም ግማሽ ልቧ ብቻ ነው ያመነኝ።

«ታዲያ ፀጉርህ ለምን ይነቃቀላል?» ትሉኝ ይሆናል። ይነቃቀላል፤ አልክድም። ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ጠዋት ጠዋት ነጩ ጋቢዬ ላይ እየለቀምኩ ስቆጥር ነበር። ነገር ግን በነሐሴ መጨረሻ ታይፎይድ ጥሎኝ ሁለት ሳምንት በትኩሳት እንደ ነደድኩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጠያቂ ሆናችሁ መጥታችሁ ብርቱካኑን የበላችሁት እናንተው ናችሁ። ከባድ ትኩሳት ብዙ የፀጉር ሥሮችን በአንድ ጊዜ ወደ እረፍት ይገፋቸዋል፤ ፀጉሩ የሚረግፈው ግን ያኔውኑ ሳይሆን ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ቁጠሩት። ክሪያቲኑን የጀመርኩት በመካከል፣ በመስከረም አጋማሽ፣ በሕመሙ የቀነሰውን ኪሎዬን ለመመለስ ስለ ነበር ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ተላከከ። ጋቢዬ ላይ የማገኘውም ፀጉር ረጅምና ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጉብ ያለችበት፣ ከማጅራትም ከጎንም የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለው መርገፍ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይቆማል። የአባቴ ዓይነቱ ግን የሚታወቀው በረገፈው ብዛት ሳይሆን ግንባርና አናት ላይ ቆሞ የቀረው ፀጉር እየሳሳ በመሄዱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የግንባሬ ማዕዘን ላይ እሱም ትንሽ ጀምሮኛል፤ ነገር ግን የጀመረኝ ክሪያቲን ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ፣ ገና በተማሪነቴ ነው። የድሮ ፎቶዬን አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ «የዲኤችቲ ምርመራ አድርግና እርፍ በል» ተብዬ ልከፍል ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ነበር። የደሙ ቁጥር ቢወጣስ ምን ይነግረኛል? ጉዳዩ የፀጉሩ ሥር ለሆርሞኑ ያለው ስስነት ነው፤ ዲኤችቲውም እዚያው ራስ ቆዳ ውስጥ ይመረታል። ተመሳሳይ የደም ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ጎፈሬ፣ ሌላው መላጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ስናገር የላቦራቶሪው ልጅ ያየኝ አስተያየት የዛሬው ፀጉር ቤት ውስጥ ካዩኝ ዓይኖች ጋር አንድ ነው።

አሁን ውሃ አሙቄ ማንኪያዬን በጥብጬ ጠጥቻለሁ። ያበሳጨኝ የቀኝ ጎኔ ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራ አለ፣ አለቃዬ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ኮፍያ አይወድም። ማሽን ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቁጥር ሁለት ነው፤ አስተያየት ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ።