ስምንት ብልት የወጣላት ዶሮ

ለፋሲካ ዋዜማ አንዲት ጓደኛችን «ዶሮ ወጥ በአንድ ሰዓት ተኩል» ብላ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈች። ሽንኩርቱን በማሽን ፈጭታ፣ ዶሮዋን ስምንት ቦታ ቆራርጣ፣ ቁሌቱ በደንብ ሳይበስል በርበሬውን ጨምራበት። መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብላ ነው። ይህንንም ጽፋዋለች፤ ግን እስከዚያ ድረስ ማን ያነባል! እስከ ማታ ሁለት መቶ ያህል ኮሜንት ወረደባት። መጀመሪያ «ይሄማ ሾርባ ነው» የሚል ቀልድ ነበር። ከዚያ አንዱ «ለመሆኑ እናትሽ ምን አስተምራ ነው ያሳደገችሽ?» ሲል ነገሩ ከወጥ ወጣ።

በሳምንቱ እሷ በሌለችበት ቡና ላይ ይኸው ተነሣ።

«የደረስኩላት እኔ ብቻ ነኝ» አለ አንዱ፣ አቦሉ ሳይቀዳ። «ልክ ልኩን ነገርኩት።» ስልኩን አውጥቶ አነበበልን። ሰውየውን በስሙ ጠርቶ፣ ለብቻው ኮሜንት ጽፎ፣ ከመልኩ እስከ ትዳሩ አንድም ያስቀረው የለም። ከሥሩ አርባ ምናምን መልስ ተደርድሯል፤ ግማሹ እንደገና የልጅቷን እናት የሚነካ ነው። ብዙ መልስና ላይክ ያገኘ ኮሜንት ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ፎቶውን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ሆኗል። (ላይክ ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ።)

«እኔ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት» አለች ሌላዋ። «ሲሰለቻቸው ይተዉታል።»

«ዝምታችሁን ግን ቆጥራዋለች» አሉ እትዬ። «ማታ ስደውልላት ስለ ስድቡ አላወራችኝም። እናንተን ስትጠብቅ ነው ያመሸችው። የሁላችሁም አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ‹ደህና ነሽ ወይ?› ያላት የለም።»

ልጁ አልተዋጠለትም። «እርስዎስ ቢሆኑ አንዲት ነገር ጽፈው ጠፉ! እሷኑ አሳልፈው ሰጧት።»

እትዬ ደውለው ምን ላድርግልሽ ብለው ከጠየቋት በኋላ የጻፉት ይህን ነው፦ «ይህን ወጥ በልቻለሁ። እኔ ብሆን 12 ብልት አወጣት ነበር፣ ቁሌቱንም አቆየው ነበር። ደግሞ ይጣፍጣል። እናቷን ግን ወጡ ውስጥ ምን አገባቸው?»

«ስምንት መሆኑን እኮ ፎቶው ላይ እየቆጠሩት ነው» አሉ። «የለም፣ ልክ ናት ብዬ ብከራከር ስለ እናቷ የምለውን ማን ይሰማኛል? ደግሞ የጻፍኩት ለተሳዳቢው አይደለም፤ ዝም ብሎ ለሚያነበው ነው። ስለዚህ ከስድቡ ሥር አልገባሁም፣ ቢመልሱልኝም አልተመለስኩም።»

ለልጅቷም የመከሯት ነበር፦ አዲስ ኮሜንት ከጓደኞቿ ሌላ ማንም እንዳይጽፍ እንድትዘጋ፣ ስድቡን ደግሞ ከማጥፋት ይልቅ እንድትደብቀው። የተደበቀውን የጻፈው ሰውና ጓደኞቹ ያዩታል፣ ሌላው አያየውም። የጠፋበት ሰው ግን ስክሪንሾቱን ይዞ «እውነት ስነግራት አጠፋችው» ብሎ በራሱ ገጽ ሌላ ዙር ይጀምራል። «ዛቻ ወይም የቤቷ አድራሻ ተጽፎ ቢሆን ሌላ ነው» አሉ፤ «ያኔ ፎቶ አንስቶ ይዞ፣ ሪፖርት አድርጎ ማስጠፋት ነው።»

ይህን ጊዜ ዝምተኛዋ አንድ ነገር አወጣች። ተሳዳቢውን ታውቀዋለች፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ። በዚያው ማታ በኢንቦክስ «እናቷ እኮ ታማሚ ናቸው፣ አጥፋው» ብላው ነበር። «ቀልዴን ነው፣ አጠፋዋለሁ» አላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የኛ ልጅ ትዳሩን ሲያነሳበት ግን ሐሳቡን ቀየረ፦ «አሁን ባጠፋው ፈርቶ ነው ይሉኛል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቶናው ተቀዳ።

እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ፤ ግን እንደሳቸው ዝምተኛዋን አልወቅሳትም። በስውር ሽማግሌነት የሄደችው እሷ ብቻ ናት፤ ጥፋቷ ለተሰደበችው አለመንገሯ ነው። አንድ ደቂቃ ደውላ «አውርቼዋለሁ» ብትላት ኖሮ ልጅቷ ያን ሁሉ ሌሊት አረንጓዴ መብራት ስትቆጥር አታድርም ነበር። ልጃችን ደግሞ ልቡ ደግ ነው፤ ግን ሰውየው ሊወጣበት የነበረውን በር በሰው ፊት የዘጋበት እሱ ነው። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው፣ ጥፋቱን ቢያውቅ እንኳ፣ በሰው ፊት አይመለስም።

ለልጁ ይህን ስነግረው «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ፣ ይቅርታ ልጠይቀው?» አለኝ።

«ኮሜንትህን አጥፋው» አልኩት። «ከሥሩ ያሉት አርባዎቹ አብረው ይጠፋሉ።»

ይህን አያውቅም ነበር። ስኒውን አስቀምጦ ጥቂት አመነታና ተጫነው። ዝምተኛዋ ወዲያው ስልኳን አንስታ፣ ለዚያ ሰውዬ ኢንቦክስ መጻፍ ጀመረች።