ለኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ አትሥሩለት

«ፋሲልን ካደሱ አይቀር የኢያሱንም ለምን ጣሪያ አይሠሩለትም? ፍርስራሽ ማን ሊያይ ይመጣል?»

የፋሲል ግቢ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ ይህች አስተያየት አትጠፋም። ሰሞኑንም ላይክ ሲዘንብባት አየሁ። እሺ፣ ከደካማዋ ጫፍ ልጀምር። ፍርስራሽ ማን ሊያይ ይመጣል? አቴንስ ያለውን ፓርተኖን የሚያየው ሰው በየዓመቱ በሚሊዮን ይቆጠራል። ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1687 ቬኒሳውያን የተኮሱት ጥይት ውስጡ የተከማቸውን ባሩድ አግኝቶ መሐሉን በትኖታል። ግሪኮች ለአሥርት ዓመታት ሲጠግኑት ቆይተዋል፤ የወደቀውን ድንጋይ እየለዩ ወደ ቦታው ይመልሳሉ፣ የጎደለውን ባዲስ እብነ በረድ ይሞላሉ። አዲሱም ነጣ ስለሚል በዓይን ይለያል። ጣሪያ እንክደንበት ብለው ግን አልተነሱም። ቱሪስቱም «ጣሪያው የታለ?» ብሎ ገንዘቤን መልሱልኝ አላለም።

አሁን ወደ ጎንደር። የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ለምን ጣሪያ አልባ እንደሆነ ይታወቃል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ ጣልያን ግቢውን መቀመጫው አድርጎት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላን መታው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያሸበረቀ ነበር ይባላል። ይባላል! የጣሪያውን ልክ፣ የጌጡን አቀማመጥ፣ የቀለሙን ዓይነት ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ንድፍ ግን እኔ አላየሁም። ታዲያ ምን ብለን ነው የምንሠራው? አንዱ መሐንዲስ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይገምታል፣ ኮንትራክተሩ የገመተውን ያቆማል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች የኢያሱ ጣሪያ ነው ብለው ፎቶ ይነሡበታል። የኢያሱ ሳይሆን የመሐንዲሱ ጣሪያ ነው። የዓለም ባለሙያዎች በ1964 ቬኒስ ላይ የተስማሙበት ሰነድ ይህንኑ ነው የሚለው፤ ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ እድሳት ይቆማል።

«ዋርሶስ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ናዚዎች ያወደሟትን አሮጌዋን ከተማ ፖላንዶች ከመሬት አንሥተው ሠሯት፣ ዩኔስኮም በ1980 መዘገባት። ልክ ነው። ግን ከጦርነቱ በፊት ልካቸው የተወሰደ የቤቶቹ ንድፎች ነበሯቸው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝር ሥዕሎች ነበሯቸው፣ ከተማዋንም የሚያውቋት ነዋሪዎች በሕይወት ነበሩ። እኛ ለኢያሱ አዳራሽ «ይባላል» ነው ያለን። ሁለቱን ማወዳደር ቀልድ ነው።

ይልቅ ማንም የማያወራውን ላውራ፤ ኖራ። የጎንደር ግንቦች የተሠሩት በጥቁር ቡናማ ድንጋይና በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ውሃ ሲያገኝ እየፈላ ይሟሟል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ግድግዳ ላይ ከገባ በኋላ ቶሎ አይጠነክርም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ወራት ይፈጃል። ደግሞም ከድንጋዩ ይለሰልሳል፣ ይተነፍሳል። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው የጠጣው ውሃ በበጋ በመገጣጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፣ ድንጋዩ አይደለም። ኖራ ደግሞ ተፍቆ ይተካል።

ጣልያን በአምስቱ ዓመት «አደስኩ» ብሎ ሲሚንቶና ፌሮ አመጣ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል። ችግሩም እሱ ነው። ውሃው በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል። የያዘውን ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ጥሎ ይተናል፣ ጨውም እየረጋ የድንጋዩን ፊት ከውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ የሚሞተው በበርና በመስኮት ቅስቶች ዙሪያ ያለው ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ነው። እንዴት ይታወቃል? ቀርባችሁ እዩ። መገጣጠሚያው እንደ አጥንት ወጥቶ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ከሰረገደ፣ ፊቱን በጣት ስትነኩት ነጭ ዱቄት ከያዛችሁ፣ እዚያ ሲሚንቶ ገብቷል። ፌሮውም እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ያቀፈውን ይሰነጥቃል። ይህን ለማስተካከል ከዚያ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ዩኔስኮ ራሱ የጣልያኑን ሲሚንቶ «ተገቢ ያልሆነ» ብሎ ጽፎታል። እና አዲስ ኖራ የነካው ግድግዳ ነጣ ብሎ ሲታይ «አበላሹት» ብሎ መጮህ ሌላው ሞኝነት ነው። ተዉት፣ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበት።

ይህን ሁሉ የማወራው ጣሪያ የሚፈልጉት ሰዎች ምን እንደሚጠይቁ ስለማያውቁ ነው። በ1704 የተናወጠ፣ በቦምብ የተመታ፣ አናቱ ተከፍቶ ክረምት የጠጣ ግድግዳ ያን ክብደት የሚችለው እንዴት ነው? አይችልም። ስለዚህ ዓምድ ይገባል፣ ቀለበት ቢም ይገባል፣ ፌሮ ይገባል፣ ሲሚንቶ ይገባል። በሌላ አነጋገር ጣልያን በበሩ ይመለሳል። ሪፖርቱ ላይ ግን «ጥንታዊ ይዞታውን በጠበቀ መልኩ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሪባንም ይቆረጣል።

ፍርስራሽ ደግሞ ዝም ያለ ክምር አይደለም። አክሱም ላይ ወድቆ የተኛውን ትልቁን ሐውልት አስቡት። 33 ሜትር ግድም ይረዝማል፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል። ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ የሚገምቱት አወዳደቁንና ሥሩን አይተው ነው፤ መሬት እንዲገባ የተተወለት ክፍል ለዚያ ቁመት እጅግ አጭር ነበር። ግንበኞቹ አቅማቸውን የት ድረስ እንደገፉት የምናየው ወድቆ ስለተኛ ነው። ከሮም የተመለሰው ሐውልት በ2008 ቆመ፣ ደስ ብሎናል፤ እሱ ቁራጮቹ ነበሩ፣ ቦታው ይታወቅ ነበር። ትልቁን እንደዚያው አጣብቀን ብናቆመው ግን ማስረጃውን ራሳችን አጠፋነው ማለት ነው። የኢያሱም ክፍት አናት እንደዚሁ የ1704 እና የ1941 ምስክር ነው።

«ታዲያ ይፍረስ?» አይፍረስ። እዚህ ላይ ነው የሁለቱም ጎራ ሰው የሚሳሳተው። «እንዳለ ተዉት» የሚለውም ዝም ብሎ የተተወ ፍርስራሽ እየሞተ መሆኑን አያይም። ጣሪያ የሌለው ግንብ ትልቁ ጠላቱ አናቱ ነው። የግድግዳው መሐል በትናንሽ ድንጋይና በኖራ የተሞላ ስለሆነ ዝናቡ ከላይ ገብቶ ያጥበዋል፣ ውጪው ምንም የሆነ ሳይመስል ሆዱ ባዶ ይሆናል። ወፍ የጣለችው የሾላ ፍሬ ይበቅልና ሥሩ ድንጋዮቹን ይለያያል። መጀመሪያ የሚታየው የግድግዳው ሆድ መንፋት ነው፣ ቀጥሎ መውደቅ።

ሥራውም ይታወቃል። ቡቃያው ገና ጣት ሳያክል ይነቀላል። የግድግዳው አናት ውሃውን ወደ ውጭ እንዲጥል ዘመም ተደርጎ በኖራ ይከደናል። ባዶው ሆድ በቀጭን የኖራ ፈሳሽ ቀስ ተብሎ ይሞላል፣ የላላው ድንጋይ ባለበት ይያዛል፣ ከሥሩ የሚቆመው ጎርፍ መውረጃ ይቆፈርለታል። ይህ በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፣ ኖራው የሚደርቅበት ጊዜ ይፈልጋልና ሰኔ ከገባ በኋላ ቢጀመር ዋጋ የለውም። ለጣሪያ በጀት የምትጠይቁ ሰዎች ለዚህ ቋሚ በጀት ጠይቁ። ለዚህ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይገኝም፣ አውቃለሁ፤ ኖራ የሚያቦካና መሰላል የሚወጣ ባለሙያ በየዓመቱ ደሞዙን ያግኝ እንጂ ሪባኑ ይቅር።