«አ» ትውጣ፣ «ተ» ትግባ

በዚህ ከተማ ሃውልት ይገባዋል የምለው ሰው ቢኖር ድርጅት ውስጥ ቁጭ ብሎ የይቅርታ መልዕክት የሚያርመው ሰው ነው። ሌላው ሰው ሲሳሳት ምን ያረጋል፣ ይደነግጣል፣ «አጠፋሁ» ይላል፣ አለቀ። ይሄ ሰው ግን «አጠፋሁ»ን ተቀብሎ እንደ ወርቅ አንጥረኛ ያያትና ፊቷ ላይ ያለችውን «አ» በጥፍሩ ፈልቀቅ አድርጎ ያወጣታል። በቃ፣ «ጠፋ» ሆነች። ማን አጠፋው? ማንም። ጠፋ ነው የተባለው። «አፈሰስን» ይገባል «ፈሰሰ» ይወጣል፣ «አዘገየን» ይገባል «ዘገየ» ይወጣል፣ «አ»ዋ የማትነቀልበት ቦታ ደግሞ «ተ» ይሰካና «ረሳን» የነበረው «ተረሳ» ይሆናል። እናቶቻችን ብርጭቆ ሰብረን «ተሰበረ» ስንላቸው ለምን በኩርኩም እንዳሉን እስካሁን አልገባኝም፣ ያኔ ባይኮረኩሙን ስንት ነገረፈጅ ይወጣን ነበር።

ይሄን ጥበብ በቅርብ የማየት እድል የገጠመኝ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ አፍ ላይ ነን፣ መኪናው ከፍሎ ሽው ይላል፣ እኛ ጋ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ሌሊት እየተነሱ ጀሪካን መሙላት ሲሰለቸኝ 500 ሊትር ታንከር ገዛሁና እኔ ቤት፣ ሶስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ተተከለ። (ተተከለ ነው ያልኩት። እኔም እየተማርኩ ነው።) ገጣሚው ልጅ ጎበዝ ነው ግን ቸኩሎ ነበር፣ የመግቢያውን ፊቲንግ በጣቱ ብቻ አዙሮ፣ ቴፍሎን ሳይጠመጥምበት፣ በመፍቻም ሳያጠብቀው ሄደ። ውሃ ስለሌለ ደግሞ የምንሞክርበት ነገር አልነበረም። ውሃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጣ። እኔ ታንከር አለኝ ብዬ በአመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነኝ። 12 ሰዓት ላይ ስነሳ ታንከሩ ውስጥ ጠብታ የለም፣ የሶስት ሰዓቱ ውሃ በሙሉ ወለሉን ሰንጥቆ ከታች ያሉት እማማ ሳሎን ገብቷል። እማማ ደግሞ የአመቱን በርበሬ፣ 8 ኪሎ፣ ቀን በረንዳ ላይ አስጥተው ማታ ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስገብተውት ነበር። ደረጃው እስከ ታች ድረስ ቀላ። ህንጻው በሙሉ አስነጠሰው።

ልጁን ደወልኩለት። እሱ ምስኪን ስልኩን እንደዘጋ ለእማማ በቴሌግራም የሚከተለውን ላከ፦ «እማማ እኔን ይድፋኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ፊቲንጉን ሳላጠብቀው ነው የሄድኩት። የተበላሸብዎትን ሁሉ ድርጅቱ ይከፍልዎታል ይቅርታ ያርጉልኝ።»

እማማ አንብበው «እሰይ የሰው ልጅ» አሉና ቡና አፈሉ። ነገሩ እዛው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር፣ እግዜር ይስጠው የድርጅቱ ነገረፈጅ ደረሰ።

የእህቴ ልጅ እዛ ድርጅት ደንበኛ አገልግሎት ነው የምትሰራው (ለዛ ነው እነሱን የመረጥኩት፣ ዘመድ ይጠቅማል ብዬ)፣ የሆነውን በሙሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ነገረፈጁ መልዕክቱን ሲያነብ ላብ አጠመቀው አሉ። «እኔን ይድፋኝ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረ። እኛ ሰው መንገድ ላይ ሲደናቀፍ እንኳን «እኔን!» የምንል ህዝብ ነን፣ ለሱ ግን ይሄ በጽሁፍ የሰፈረ የእምነት ቃል ነው፣ አደጋውን ወደራሱ ስቧል። እንደሱ ከሆነ ይሄ አገር በሙሉ ተከሳሽ ነው።

እውነት ለመናገር ግን የሰውየው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ማመስገን ካልቀረ በደንብ እናመስግነው። ልጁ በሶስት መስመር ሶስት የተለያዩ ነገሮች ነው ያደረገው። አዘነ፣ ያ ማንንም አያስከስስም። ማንም ባለሙያ ቧንቧውን ሳያየው መንስኤውን ወሰነ፣ ያ ነገ ሌላ ነገር ቢገኝ፣ ለምሳሌ ፊቲንጉ ራሱ የተሰነጠቀ ቢሆን፣ ይጣበቅባቸዋል። ከዛ ደግሞ «ሁሉ» ብሎ ልኩ ያልታወቀ ሂሳብ በድርጅቱ ስም ቃል ገባ፣ ያንን ቃል የመግባት ስልጣን ሳይኖረው። በዛ ላይ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ያለው ድርጅት ውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ያለ ኢንሹራንሱ የጽሁፍ ፈቃድ ጥፋት አትመን፣ ካሳም ቃል አትግባ» የምትል አንቀጽ አለችበት፣ እሷን ከጣስክ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ማለት ይጀምራል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚሁ ተጨንቀዋል፣ ካሊፎርኒያ በአደጋ ጉዳይ ሀዘንህን ብትገልጽ ፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንብህም፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ካልክ ግን ይሆንብሃል፤ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2006 ባወጣችው ህግ ጥፋት ያመነውንም ይቅርታ ጭምር ጋረደችው። እና ሰውየው የቱን ቃል ማውጣት እንዳለበት ያውቃል። የኔ አድናቆት የሚጀምረው ግን ከዛ በኋላ ማቆም አቅቶት ሁሉንም ማውጣቱ ላይ ነው።

እማማ በማግስቱ የደረሳቸው መልዕክት ይሄ ነው፣ ቃል በቃል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ከውሃ አቅርቦት ጋር በተያያዘ በአካባቢዎ ያልተጠበቀ ሁኔታ ተከስቶ ከሆነ ለተፈጠረው መጉላላት ድርጅታችን ይቅርታ ይጠይቃል። ለትዕግስትዎ እናመሰግናለን።»

«ተከስቶ ከሆነ»! እንዴት አይነት ብዕር ነው በናታችሁ። ሴትየዋ ምንጣፋቸውን አስጥተው፣ ቀይ ውሃ በመወልወያ እየጨመቁ፣ እያስነጠሱ ነው ያነበቡት። ከሆነ። «በአካባቢዎ» የምትለዋንም ልብ በሉልኝ፣ ሳሎናቸው አካባቢ ሆነ፣ እንደ ደመና በዛ በኩል ያለፈ ነገር። «መጉላላት»ማ የሁሉ እናት ናት፣ ባንክ ሲስተም ሲቋረጥም መጉላላት፣ 8 ኪሎ በርበሬ ሲታጠብም መጉላላት። መጨረሻ ላይ ያላሳዩትን ትዕግስት አመስግኖ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ መቆጣት በራሱ ስነ ስርዓት መጣስ ይሆናል። «ውድ ደንበኛችን» የተባሉት እማማ ደንበኛ እንኳን አይደሉም፣ ውል የተዋዋልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ከታች የሚኖሩ ሶስተኛ ወገን ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ልናገር። እዛው ቢሮ ሂሳብ ክፍል ያሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሌላ ረቂቅ ጽፈው ነበር። የእህቴ ልጅ አሳየችኝ፣ አፈርኩላቸው፦ «እማማ፣ ትላንት ሰራተኛችን ከበላይዎ በገጠመው ታንከር መጋጠሚያ በኩል ውሃ ወጥቶ ቤትዎ ገብቷል። ምንጣፍዎና በርበሬዎ መበላሸቱን አውቀናል፣ በጣም አዝነናል። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ሰው መጥቶ መጋጠሚያውን ያያል፣ ጉዳቱን ከእርስዎ ጋር ሆኖ ይመዘግባል። ምክንያቱንና የምንከፍለውን እስከ አርብ በጽሁፍ እናሳውቅዎታለን። እስከዛው በዚህ ቁጥር እኔን ያግኙኝ።»

እስቲ ይሄ ምን ይባላል? የማን ስራ እንደሆነ ይናገራል፣ ምን እንደተበላሸ ይናገራል፣ ቀንና ሰዓት ይቆርጣል፣ የሚጠየቅ ሰው ያስቀምጣል። «ቸልተኛ ነን» አላለም፣ «ሁሉን» አላለም፣ መንስኤውን ሳያይ አልፈረደም፣ ስለዚህ ኢንሹራንሱንም አያስቆጣም። የሚታወቀውን ብቻ ብሎ ያልታወቀውን እስከ አርብ አቆይቷል። ምን ጥበብ አለው ይሄ፣ ማንም እኮ ያነበዋል ይረዳዋል። ነገረፈጁ በትክክል ጣለው። ሴትዮዋን «ስሜታዊ ነሽ» አላቸው አሉ።

ደግሞ እኮ የሚያስቀው የተደበቀው ነገር ከመጀመሪያውም የሚደበቅ አልነበረም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2129 ሰራተኛው ስራ ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ሲሆን ድርጅቱም አብሮ ኃላፊ ነው፣ ደብዳቤው «ከሆነ» ቢልም ባይልም። እማማ ለመክሰስም ጉዳቱ ከደረሰ 2 አመት አላቸው። ፊቲንጉ እዛው በረንዳዬ ላይ አለ፣ በጣት ይዞራል፣ ቴፍሎን የለውም፣ ያየ ሁሉ ያየዋል። «አ» ብትነቀል ፊቲንጉ አይጠብቅም።

ነገረፈጁ ግን ስራውን ገና አልጨረሰም፣ ልጁን የቴሌግራሙን መልዕክት ከሁለቱም ወገን እንዲያጠፋው አዘዘው፣ አጠፋው። እማማ ግን ከቡናው በፊት ለልጃቸው «አንብቢልኝ» ብለው ልከውት፣ ልጅቷ ስክሪንሾት አንስታ የብሎካችን ግሩፕ ላይ ለጥፋው ነበር፣ መቶ ምናምን አባወራ አይቶታል። እስከዛ ድረስ እማማ የሚፈልጉት በርበሬውንና ምንጣፉን ብቻ ነበር። መልዕክቱ ከስልካቸው ሲጠፋባቸው ግን «ምን ደብቀው ነው?» ብለው ጠበቃ ፈለጉ። ድርጅቱ «ለመልካም ጉርብትና» ብሎ 3 ሺ ብር በፖስታ ላከ፣ ከፖስታው ጋር «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አይነት ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ወረቀት አለ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ፖስታውንም ወረቀቱንም መለሱ፣ ፖስታውን ላመጣው ልጅ ግን ምሳ አብልተው ነው የሸኙት።

አሁን የዚህ ሁሉ ዘውድ ወደሆነው ልምጣ። ባለፈው እሁድ ገጣሚው ልጅ በራሱ ብር 2 ኪሎ በርበሬ ገዝቶ እማማ ጋ መጣ፣ ፊቱ ጥቁር ብሏል። ድርጅቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል። ወረቀቱን አወጣና አነበብነው፣ ባለ ማህተም ነው፣ ነገረፈጁ ራሱ ነው የፈረመው፦ «የታንከሩን መጋጠሚያ ሳታጠብቅ ጥለህ በመሄድህ ውሃ አፍስሰህ የግለሰብ ንብረት አበላሽተሃል፣ በፈጸምከው ከባድ ቸልተኝነት ድርጅቱን ለካሳ ዳርገሃል።»

የነቀላቸውን «አ»ዎች በሙሉ ለካ አስቀምጧቸው ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። አፈሰስክ፣ አበላሸህ። «ከሆነ» የለችም፣ «መጉላላት» የለችም። ለካሳ መዳረጉንም ራሱ ጽፎታል።

እማማ «ልጄ ይቺን ወረቀት እስቲ ብርሃን ያለበት ጋ ያዛት» አሉት፣ ያዘላቸው፣ ፎቶ አነሷትና ለጠበቃቸው ላኳት። ከዛ ቡና አፈሉለት።