ይድረስ በሁለት ቁጥር መገለባበጥ ለከበሩት ሰው

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከ18,500 ብር ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

ስምዎን እናውቀዋለን። ደረሰኙ ላይ እስከ አያትዎ ድረስ ተጽፏል። እዚህ የማልጠራው ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ይሉኝታ ቢኖረን ብዬ።

ምናልባት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶዎት እንደሆነ ላስረዳዎ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ በስልኳ የሱቅ ኪራይ ትልካለች። አከራይዋ ሒሳብ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ነበር የጻፈላት። 47 የሚለውን 74 አድርጋ ነካችው። ስልኩም ደግ ነው፤ የእርስዎን ሙሉ ስም አውጥቶ «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። መቼም ያገራችን አከራይ ኪራዩን በገዛ ስሙ አይቀበልም። አንዳንዴ በሚስቱ፣ አንዳንዴ በወንድሙ ልጅ ነው። ስለዚህ የማታውቀው ስም ሲመጣ የአከራይዋ የወንድም ልጅ መሰላት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እሷም «አዎ» አለች። እንግዲህ እርስዎ የአከራዩ የወንድም ልጅ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ቁጥሩ የማንም ባይሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። የሌለ ሒሳብ ገንዘብ አይቀበልም። ወይ አይሄድም፣ ወይ ተመልሶ ይመጣል። ጉዱ ያለው የተገለባበጠው ቁጥር እንደ እርስዎ ያለ በሕይወት ያለ ባለቤት ሲኖረው ነው።

አከራዩ «አልገባልኝም» ሲላት ደነገጠች። ያኔ ያደረገችው ነገር ግን የሚያስመሰግናት ነው። መልእክቱን አላጠፋችም። በFT የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ያዘች፣ ወዲያው የባንኩ ጥሪ ማዕከል ደውላ አስመዘገበች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሜክሲኮ ያለው ቅርንጫፍ ገና በሩን ሲከፍት መታወቂያዋን ይዛ ተገኘች። ማመልከቻ ጻፈች፦ ከየትኛው ሒሳብ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ወደየትኛው ሒሳብ ሄደ፣ ወደየትኛው መሄድ ነበረበት። ስልኳን ከነመልእክቱ አሳየች፣ ደረሰኙን አሳትማ አያያዘች። የማመልከቻውን ቅጂ ደግሞ «ደርሶናል» አስብላ ማህተም አስመታችበት። ይቺን ቅጂ ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ትመጣብዎታለች።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። «እናናግራቸዋለን፤ ከፈቀዱ ይመለስልሻል፤ ያለ ፈቃዳቸው ግን ከሒሳባቸው መቀነስ አንችልም» አለቻት። ጓደኛዬ ተናደደች። እኔ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እዚህ ላይ ከባንኩ ጋር ነኝ። አንድ ሰው «ተሳስቼ ነው» ስላለ ብቻ ከሌላው ሒሳብ የሚቆረጥ ቢሆን፣ ፍሪጅ ገዝቶ የከፈለ ሁሉ ፍሪጁን ቤቱ አስገብቶ በማግስቱ «ተሳስቼ ነው» ይል ነበር። «ቢያንስ ገንዘቡ አለ ወይስ ወጥቷል?» ብላ ጠየቀች። የደንበኛ ምስጢር ነው። «ስልካቸውንስ?» እሱም ምስጢር ነው። ክቡርነትዎ፣ በዚህች ከተማ ከእርስዎ የበለጠ የሚጠበቅ ሰው አላየሁም።

በነገራችን ላይ በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዉ ከሌለው ሒሳብ ብር ሲያወጣ ባደረ ጊዜ፣ ያልመለሱት ሰዎች ስም ይፋ ወጣ፣ ፎቷቸው ሳይቀር ተለጠፈ። የባንክ ገንዘብ ሲጠፋ ፎቶ ይለጠፋል። የጓደኛዬ ሲጠፋ ማመልከቻ ይጻፋል። ይህን ያልኩት እንዲሁ ነው፣ ይለፉት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ባንኩ ደወለልዎ። «በስህተት ገንዘብ ገብቶልዎታል» ሲልዎ «ሌቦች!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት አሉ። ለዚህ እንኳ አልወቅስዎትም። የውሸት መልእክት ልኮ «በስህተት ልኬብህ ነው፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» የሚል አጭበርባሪ ከተማውን ሞልቶታል። እርስዎም ስልክ ላይ ላለ ሰው መልሰው መላክ የለብዎትም። ባንክ ነኝ ቢልም አይላኩ። ሒሳብዎን ከፍተው ይዩ፣ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡን። 18,500ዋ እዚያ ካለች በእግርዎ ወደሚቀርብዎ ቅርንጫፍ ይሂዱና «ተመላሽ አድርጉት» ብለው ይፈርሙ። ባንኩ ራሱ ወደ መጣበት ሒሳብ ይመልሰዋል፣ ለእርስዎም ወረቀት ይቀርልዎታል። ከዚያ ማንም መጥቶ «አልደረሰኝም» ሊልዎ አይችልም።

ሁለተኛው ጥሪ ላይ ግን ያሉት ነገር አሳዝኖኛል። «እግዜር የሰጠኝን ማን ይወስድብኛል?» ብለዋል። ክቡርነትዎ፣ እግዜር ሲሰጥ የግብይት ቁጥር አይልክም።

ደግሞም ሕጉ ያውቅዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለአግባብ ስለመበልጸግ ይናገራል። አንቀጽ 2164 ላይ የማይገባውን ዕዳ የከፈለ ሰው የከፈለውን መልሶ መጠየቅ እንደሚችል ተቀምጧል። እርስዎ ቁጥሩን አላሳሳቱም፣ አልሰረቁም፣ እውነት ነው። ግን መስረቅ አያስፈልግም። ያለምክንያት እጅዎ መግባቱ ይበቃል።

«ታዲያ መሳሳቷን በምን ታስረዳለች? ለእኔ ዕዳ ነበረባት ብልስ?» ይሉ ይሆናል። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጠበቃም መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። መልሱ ፌስታሏ ውስጥ አለ። የሱቁ የኪራይ ውል አለ፣ የወር ኪራዩ 18,500 ብር ይላል። ያለፉት ወራት የባንክ መግለጫ አለ፣ በየወሩ ያው ብር አከራይዋ ወዳላት ሒሳብ ሄዷል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የሚለያዩት በ47 እና በ74 ብቻ ነው። ከዚያ ያቺ ማህተም ያረፈባት ማመልከቻ አለች፣ ከስህተቱ በኋላ ባንክ በተከፈተበት በመጀመሪያው ሰዓት የተጻፈች። እርስዎ ደግሞ ለማያውቋት ሴት ምን ሸጠው፣ ምን አበድረው እንደነበር ይዘው ይመጣሉ።

አድራሻዎንም ባንኩ ለእሷ አይነግራትም እንጂ ፍርድ ቤት ሲያዘው ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ካመነበት ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ያቺ ብር ከሒሳብዎ እንዳትንቀሳቀስ ሊያግድ ይችላል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ልደታ መመላለስ ለእሷም ቀላል አይደለም። ሱቅ ተዘግቶ ነው የሚኬደው፣ ቀጠሮም በቀጠሮ ላይ ነው፣ ለ18,500 ብር ጠበቃ ማቆምም አያዋጣም። እርስዎ የሚተማመኑት በዚህ ይመስለኛል። ብልጥ ነዎት። ግን ከተረታ ወገን ላይ ወጪና ኪሳራ እንደሚጠየቅ ማንም አልነገርዎትም መሰለኝ። ያኔ 18,500ዋ ብቻዋን አትሄድም፣ ዘመድ አስከትላ ነው የምትወጣው።

ገንዘቡን ከነኩትም አይደንግጡ። ቅርንጫፉ ሄደው ያለውን ይመልሱ፣ የቀረውን በስንት ጊዜ እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ይስማሙ። ጓደኛዬ ክፉ አይደለችም። አከራይዋን ግን አላውቅም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦
ለአከራይ፦ ኪራዩ «ተልኳል» እንጂ «አልተከፈለም» የተባለው ትክክል ስለመሆኑ እንዲያውቁት፤
ለአከራይ የወንድም ልጅ፦ ካሉ፣ በዚህ ጉዳይ እንደሌሉበት እንዲያውቁት፤
ለሜክሲኮ ታክሲ ተራ አስከባሪ፦ ሰው ብር ሲልክ ሰልፉን ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲያቆሙልን።