ማህተም ብቻ አይመሰክርም

«ኮምቦልቻ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተለማምጃለሁ። ለሁለተኛ ልምምድ ሳመለክት ይህን የሥራ ልምድ ብዬ ልጻፈው ወይስ ከትምህርቱ ጋር ላድርገው?»

ወንድምዓለም፣ የሥራ ልምድ በሚለው ሥር አስገባው። መደቡን ግን «ቴክኒሻን» ሳይሆን «ተለማማጅ» በለው።

እኔ በምኖርበት ጀርመን አውስቢልዱንግ የሚባለው የሙያ ሥልጠና እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በድርጅት፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ የሠራውንም በሪፖርት ደብተር ይመዘግባል። ሲጨርስ ድርጅቱ የምስክር ወረቀት የመስጠት የሕግ ግዴታ አለበት፤ ሠልጣኙ ከጠየቀ ስለ ሥራ ውጤቱና ስለ ጠባዩም ይጽፍለታል። ቀጣዩ ቀጣሪ ልጁ ምን እንደሚችል ከወረቀቱ ያነባል።

ደሴ ያለው የእህቴ ልጅ ያሳየኝ የልምምድ ወረቀት ግን ስሙን፣ ቀኑንና «ልምምዱን በአግባቡ ማጠናቀቁን እናረጋግጣለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዟል። ማህተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል! ሥራው ያለው በዕለት ማስታወሻው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ውጤት ከተሰጠ በኋላ አልጋ ሥር ገብቷል።

አውጥተን አነበብነው። በማመልከቻው ላይ «በጥገና ሥራ ተሳትፌያለሁ» ብሎ ነበር። ማስታወሻው ግን በየፈረቃው የሽመና ማሽኖቹ ለምን እንደቆሙ ይዘረዝራል፦ ድር ተበጥሶ፣ ማግ ተበጥሶ፣ ወይም ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ። በአንዱ ማሽን ላይ የማግ መበጠስ ተደጋግሞ ሲያይ ለቴክኒሻኑ ነግሮታል። ስለዚህ እንዲህ ጻፍን፦ «ማሽኖች የቆሙበትን ምክንያት በየፈረቃው መዘገብኩ፤ በአንዱ ላይ የማግ መበጠስ መደጋገሙን ለይቼ አሳወቅሁ፤ በቴክኒሻኑ ክትትል የማግ ማቀበያውን በመፍታትና በመግጠም አገዝኩ።»

ብቻውን የሠራውን፣ እየታየ የሠራውንና ቆሞ የተመለከተውን ግሶቹ ይለያሉ። «ጠገንኩ» ቢል ኖሮ ጠያቂው «ከመፍታትህ በፊት ኃይሉን ከየት አቋረጥህ? ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራውስ ምን አደረግህ?» ባለው ጊዜ ይጋለጥ ነበር። «በክትትል አገዝኩ» ያለ ልጅ ግን ያየውን ይናገራል፤ ለሁለተኛ ልምምድ የሚቀበለው ክፍልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ማሽን አጠገብ እንዴት እንደሚቆም ከሀ ጀምሮ እንዳያስተምረው።

አንተም የራስህን ሥራ እንዲህ ባሉ መስመሮች በአንድ ገጽ ጽፈህ ወደ ቅርብ ኃላፊህ ሂድ። ያልሠራኸውን ይሰርዝ፣ የረሳኸውን ይጨምር፣ ከዚያ ይፈርምበት። ኃላፊው ወደ ሌላ ፋብሪካ ከተዛወረ በኋላ አንተን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ተመርቀህ ሥራ ስትፈልግ ግን ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት የሥራ ልምድ» ካለ ልምምዱን በዓመት አትደምረው። እዚያ የሚቆጠረው ቅጥር ነው፤ ተለማማጅነትህ በችሎታህ ማስረጃነት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።