ጥራቱን ከፍ ማድረግ ብቻውን «ና»ን ከ«ኛ» አይለይም

«ሰንጠረዡን በ600 ዲፒአይ ስካን ካደረጋችሁት ፊደል አይምታታም፤ መፈተሽም አያስፈልግም።»

ወንድሜ፣ ምክሩ ለደበዘዘ ጽሑፍ ይጠቅማል፤ የሰንጠረዥ ችግር ግን ሌላ ነው። «ና» እና «ኛ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለዩት በአናታቸው ባለው አግድም ጭረት ነው። የሰንጠረዡ መስመር የፊደሉን አናት ሲነካ፣ የስካኑን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ማሽን መስመሩን የፊደሉ አካል አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ጥራቱ ሲጨምር መስመሩም አብሮ ይጎላል እንጂ ከፊደሉ አይላቀቅም።

እዚህ ጅማ ያለ የቡና ግዢ መዝገብ እንውሰድ። በወረዳ ዓምዱ «ማና» 37 ጊዜ ተነብቦ 3 ጊዜ «ማኛ» ቢሆን፣ የ3ቱ ረድፎች ኪሎ ከማና ድምር ይወጣል። ፊደል አራሚም አይደርስበትም፤ ማኛ የታወቀ የጤፍ ስም ነውና!

ስለዚህ ከንባቡ በፊት የሰንጠረዡን መስመሮች ከምስሉ አጥፉ። ከንባቡ በኋላ በወረዳ ዓምዱ እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩና ከጥቂቱ ጀምራችሁ ደርድሩ። «ማኛ 3»፣ እንዲሁም «ደዶ» በስህተት የተነበበበት «ጀዶ 1» ከላይ ይወጣሉ። ወዲያው አትቀይሯቸው፤ አንዴ ብቻ የተጻፈ ትክክለኛ ስምም እዚያው ይገኛልና ረድፉን ከዋናው ምስል ጋር አስተያዩ። ይህ የሚሠራው ስም ለሚደጋገምበት ዓምድ ነው፤ የገበሬዎችን ስም ግን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ማንበብ ግድ ነው።